ባኞ ለማን? የአንድ መታጠቢያ ቤት ሒሳብ

መታጠቢያ ቤቱን የሚያድስ ቤተሰብ ፊት ሦስት መንገዶች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ከግድግዳ ጋር የተገጠመ ባኞ ነው፤ በሦስት ጎኑ በግድግዳ ታቅፎ፣ ከበላዩ ሻወር ተሰቅሎበት፣ በመጋረጃ ወይም በመስታወት የሚዘጋው የተለመደው ዓይነት። ሁለተኛው ለብቻው የሚቆም ባኞ ነው፤ በአራቱም ጎኑ ክፍት ሆኖ እንደ ቤት ዕቃ ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ በመጽሔቶች ገጽ የምናውቀው። ሦስተኛው ባኞን ፈጽሞ ትቶ በስፍራው ሰፊ ሻወር መሥራት ነው። ምርጫው የውበት ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን በሙያዬ ከማነባቸው የበጀት ሰነዶች ባልተናነሰ ውስብስብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም በውስጡ የማይመለስ ወጪ፣ ገና ያልመጣ ገዢ፣ እንዲሁም ፍላጎቱን በአንደበቱ የማይናገር የቤተሰብ አባል አሉ።

ቤታችን በሜሪላንድ የሚገኝና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። ፎቁ ላይ ሁለት መታጠቢያ ቤቶች አሉት። አንደኛው ከልጆቹ ክፍል ፊት ለፊት ያለው፣ 1.5 በ2.4 ሜትር የሆነ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ይህ ልክ በአሜሪካ ቤቶች በጣም የተለመደ ነው። ሁለተኛው ከመኝታ ቤታችን ጋር የተያያዘና 2.4 በ3 ሜትር የሆነ ነው። ሁለቱም ባኞ ነበራቸው፤ ሁለቱም አርጅተዋል። በቤቱ የምንኖረው ባለቤቴና እኔ፣ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም በየዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥታ ስድስት ወር ያህል አብራን የምትቆየው እናቴ ነን። የእናቴ መኝታ ከእኛ ክፍል አጠገብ በመሆኑ የምትጠቀመው ሰፊውን መታጠቢያ ቤት ነው።

በጠባቡ ክፍል ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በሰፊው ላይ ነው። ባለቤቴ ለብቻው የሚቆም ባኞ ፈለገ። እኔ የፈለግሁት ግልጽ አልነበረልኝም፤ ስለዚህ ማስላት ጀመርሁ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ሰዎች ስለ ባኞ ሲያስቡ በቅድሚያ የሚያነሡት የውሃ ክፍያን ነው። እውነተኛው ገደብ ግን ሒሳቡ ላይ ሳይሆን ምድር ቤት በቆመው የውሃ ማሞቂያ ውስጥ ነው ያለው።

የእኛ ማሞቂያ 190 ሊትር ይይዛል፤ በአሜሪካ መለኪያ 50 ጋሎን ማለት ነው። የሙቀቱ ልክ ለልጆች ቃጠሎ ስጋት ሲባል በ49 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በእርግጥ ሊጠቀምበት የሚችለው 70 በመቶውን፣ ማለትም 133 ሊትር ያህሉን ነው፤ ሙቁ ውሃ ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች እየገባ ይቀላቀላልና። በክረምት ከመንገድ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ 7 ዲግሪ ያህል ነው እንበል። የምንታጠብበት ደግሞ 40 ዲግሪ ይሁን። በ7 እና በ49 መካከል ያለው ርቀት 42 ዲግሪ ነው፤ ከ7 እስከ 40 ያለው 33 ነው። 33ን ለ42 ስናካፍል 0.79 ገደማ እናገኛለን። ይህም ማለት ባኞው ውስጥ ከሚፈስሰው ውሃ አምስት እጅ አራቱ የሚጠጋው ከማሞቂያው መምጣት አለበት ማለት ነው።

ባለቤቴ የመረጠው ባኞ አንድ ሰው በውስጡ ሲተኛበት ደርሶ እንዲሞላ 210 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በዚያ ስሌት 165 ሊትር ሙቅ ውሃ ያስፈልገናል፤ ያለን ግን 133 ነው። ባኞው አምስት እጅ አራቱ ሲሞላ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ለብ ማለት ይጀምራል። በአንጻሩ ከግድግዳ ጋር የሚገጠመው ባኞ ለአዋቂ በ150 ሊትር፣ ለልጆች ደግሞ በ100 ሊትር ይበቃል፤ ለመጀመሪያው 118፣ ለሁለተኛው 79 ሊትር ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ማሞቂያው ከሚችለው በታች ናቸው። ስለዚህ ለብቻው የሚቆመው ባኞ ዋጋ የባኞው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ወይ ትልቅ ማሞቂያ መግዛትን፣ ወይ የማሞቂያውን ልክ ከፍ አድርጎ በቧንቧው ላይ ሙቀት የሚያመጣጥን መሣሪያ ማስገጠምን ይጠይቃል። ውሃው 60 ዲግሪ ሲደርስ ቆዳን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላልና፣ ልጅ ባለበት ቤት መሣሪያውን ሳያስገጥሙ ልኩን ብቻ ከፍ ማድረግ አይቻልም።

በአውሮፓ አፓርታማ የምትኖሩ አንባቢያን ይህንኑ ስሌት በራሳችሁ ቤት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማሞቂያ 80 ሊትር ቢይዝና ልኩ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚገባው ውሃ 10 ዲግሪ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ቢሟጠጥ እንኳ ባለ 40 ዲግሪ ውሃ ከ133 ሊትር በላይ አይሰጥም። ትልቅ ባኞ ገዝቶ በግማሽ ውሃ መታጠብ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

የኃይል ወጪው ግን የሚያስፈራ አይደለም። 210 ሊትር ውሃን በ33 ዲግሪ ለማሞቅ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ18 ሳንቲም ቢታሰብ አንድ ዶላር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በሳምንት ሁለቴ ቢሞላ በዓመት 150 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ውሳኔ የሚያስቀይር ገንዘብ አይደለም። ትልቁ ገንዘብ ያለው በወለሉና በግድግዳው ውስጥ ነው።

ወለሉና ግድግዳው የሚሉት

ለብቻው የሚቆመው አክሪሊክ ባኞ ራሱ 45 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ውሃው 210፣ ሰውየው 70 ኪሎ ሲጨመሩ 325 ኪሎ ይሆናል። ባኞው የሚያርፍበት ስፍራ 1.7 በ0.8 ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር 240 ኪሎ ገደማ ይጫናል ማለት ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 195 ኪሎ እንዲሸከም ነው። ይህ ብቻውን ወለሉ ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ጭነቱ ወደ አጎራባች እንጨቶች ይከፋፈላል፤ የክፍሉ ሌላው ክፍል ደግሞ ባዶ ነው። ጤነኛ እንጨት አክሪሊኩን ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ነገር ግን ባኞው 150 ኪሎ የሚመዝን፣ ከቀለጠ ብረት ተሠርቶ ኢናሜል የተቀባ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከ300 ያልፋልና መሐንዲስ ሳያየው መግዛት አይገባም።

የሚያሠጋው የእንጨቱ አነዳደፍ ሳይሆን የእንጨቱ ታሪክ ነው። ባለፉት 60 ዓመታት ቱቦ ለማሳለፍ ወለሉን የከፈተ ሠራተኛ ሁሉ ተሸካሚውን እንጨት ጥቂት ጥቂት ቆርጦለት ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹን ማየት ቀላል ነው፤ በእግር ሲረግጡት የሚነጥር ወለል፣ በሴራሚክ መገጣጠሚያዎች ላይ ተደጋግሞ የሚመለስ ስንጥቅ፣ ከታች ባለው ክፍል ጣሪያ ላይ ቡናማ እድፍ። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ምልክት ነበር፤ ጣሪያው ሲከፈትም ከእንጨቶቹ አንዱ እስከ እኩሌታው ድረስ ተቆርጦ ተገኘ። የትኛውንም ባኞ ብንመርጥ ያ እንጨት መጠገን ነበረበት።

ለብቻው የሚቆመው ባኞ ሌላም ጠባይ አለው። የፍሳሽ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ሆኖ ቀጥታ ወደ ወለሉ ስለሚወርድ፣ ባኞው በተፈለገበት ስፍራ ሥር እንጨት ቢገጥም ወይ ባኞው ይነሣል ወይ እንጨቱ ይለወጣል። ውሃ የሚቀዳለት ቧንቧ ከወለሉ የሚነሣ ረጅም ዓይነት ከሆነ ዋጋው ግድግዳ ላይ ከሚገጠመው እጅግ ይበልጣል። በዙሪያውም ቢያንስ እጅና መወልወያ የሚያስገባ ክፍተት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሊኖር ይገባል፤ ያ ከሌለ ፀጉር፣ አቧራና የልጆች መጫወቻ በማይደረስበት ስፍራ ይከማቻሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻወር ሆኖ ለማገልገል አይመችም። ዙሪያውን በመጋረጃ ቢከበብ እንኳ ውሃ ይረጫል፤ ስለዚህ ይህን ባኞ የሚመርጥ ቤተሰብ ለሻወር ሌላ ስፍራ ማዘጋጀት አለበት። በአንድ ዕቃ ፋንታ ሁለት ይገዛል፤ የሁለት ዕቃ ስፍራም ይከፍላል።

ከግድግዳ ጋር የሚገጠመው ባኞ ይህን ሁሉ ያቃልላል። ወርዱ 152 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በጠባቡ ክፍል ጫፍ ልክክ ይላል። በሦስቱ ጠርዞቹ ላይ ወደ ላይ የታጠፈ ከንፈር አለው፤ የግድግዳው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን በዚያ ከንፈር ላይ ወርዶ ሲደረብ፣ በሴራሚኩ ጀርባ የሾለከ ውሃ ተመልሶ ወደ ባኞው ይወርዳል እንጂ ወደ ግድግዳው አይገባም። ሠራተኛው ሽፋኑን ከከንፈሩ ጀርባ ካስገባው ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ስሕተቱ አይታይም፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ግድግዳው በጣት ሲጫኑት ሲሰረጉድ ነው። ስለዚህ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ቆሞ ማየት ይገባል። ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት በባኞውና በሴራሚኩ መካከል ያለው የሲሊኮን መስመር በአንድ ዓመት ውስጥ መሰንጠቁ ነው። ባኞ ሲሞላ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሲሊኮኑ ባዶውን ሳለ ከተቀባ፣ በመጀመሪያው ሙሉ ውሃ ይለጠጥና ይላቀቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባኞውን ሞልቶ መቀባት፣ እስኪደርቅም ውሃውን አለማፍሰስ። ለሠራተኛው ይህን ስንነግረው ቅር ሳይለው አደረገው።

ባኞን ትቶ ሻወር መሥራት ደግሞ የራሱ ስውር ወጪ አለው። በአሜሪካ የባኞ ፍሳሽ ቱቦ በተለምዶ ባለ አንድ ኢንች ተኩል ሲሆን የሻወር ግን ባለ ሁለት ኢንች ነው። ባኞ ውሃውን ይዞ ቀስ ብሎ ሊለቅ ይችላል፤ ሻወር ግን መያዣ ስለሌለው ውሃው እንደወረደ መሄድ አለበት። ስለዚህ ባኞን ወደ ሻወር የሚቀይር ሰው ወለሉን ከፍቶ ቱቦውን ከነመታጠፊያው ይለውጣል። ሻወሩ ደፍ የሌለው፣ ማለትም ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል ሆኖ ተራምደው የሚገቡበት እንዲሆን ከተፈለገ፣ የሻወሩ ወለል ወደ ፍሳሹ በ100 ሴንቲ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ከሥሩ ዝቅ ተደርጎ መሠራት አለበት። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ፍሳሹ ተደፍኖ ውሃ ይሞላበታል፤ 24 ሰዓት ቆይቶ ከፍታው ካልቀነሰ ሽፋኑ ጤነኛ ነው። ይህን ፈተና ለመዝለል የሚቸኩል ሥራ ተቋራጭ ካጋጠማችሁ ክፍያውን አቆዩ።

ገና ያልመጣው ገዢ

የቤት ሽያጭ ወኪሎች አንድ ምክር አላቸው፤ «ቤታችሁን ያለ ባኞ አታስቀሩ» ይላሉ። ምክሩ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከልኩ አልፎ ይተረጎማል።

ሸርዊን ሮዘን በ1974 ያሳተመው ጥናት እንዳስተማረን፣ ቤት አንድ ዕቃ ሳይሆን የባሕርያት ጥቅል ነው፤ ዋጋውም የእያንዳንዱ ባሕርይ የተሰወረ ዋጋ ድምር ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ባኞና የሁለተኛው ባኞ ዋጋ እኩል አይደለም። ሕፃን ልጅ ያለው ገዢ ባኞ የሌለበትን ቤት ከዝርዝሩ ሊሰርዘው ይችላል፤ አንድ ባኞ ያለበትን ቤት ግን ሁለተኛ ስለሌለው ብቻ አይሰርዘውም። ስለዚህ የወኪሎቹ ምክር የሚመለከተው የመጨረሻውን ባኞ ነው። አንድ መታጠቢያ ቤት ብቻ ያለው ሰው ባኞውን ቢያነሣ ገበያውን ያጠብባል። ሁለት ያለው ግን አንዱን ለማንሣት ነፃ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ኬይንስ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ የአክሲዮን ገበያን ከአንድ የጋዜጣ የቁንጅና ውድድር ጋር አነጻጽሮት ነበር፤ ተወዳዳሪው ሽልማቱን የሚያገኘው ቆንጆ የሚላትን በመምረጡ ሳይሆን ሌሎች ቆንጆ ይሏታል ብለው የሚያስቧትን በመገመቱ ነው። መታጠቢያ ቤትም እንዲሁ ሲሆን አያለሁ። ባለቤቱ ለገዢው ሲል ባኞውን ያቆየዋል፤ ገዢውም ለቀጣዩ ገዢ ሲል ያቆየዋል፤ በመካከሉ ማንም ሳይታጠብበት 30 ዓመት ያልፋል። ያን ሁሉ ጊዜ ክፍሉን እየዞረ የሚያልፈው ደግሞ የቤቱ ሰው ነው።

በማይመለስ ወጪ ፊት አማራጭን ክፍት ማቆየት ራሱን የቻለ ዋጋ እንዳለው እኛ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እናስተምራለን። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ፤ ይህን አማራጭ በርካሽ መግዛት ይቻላል። አዲሱ ሻወር ቢያንስ 152 በ81 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፍራ ከያዘ፣ ወደፊት የሚመጣ ባለቤት በዚያው ልክ ባኞ መልሶ ሊገጥም ይችላል። ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ ባኞን ያለ ችግር ያስተናግዳል፤ አስቸጋሪው ተቃራኒው ነው። ሴራሚኩና ሽፋኑ ይፈርሳሉ፤ ቱቦው፣ እንጨቱና ስፍራው ግን ይቆያሉ። ባኞን ማንሣት እንደሚነገረው በር ዘግቶ ቁልፉን መጣል አይደለም።

የስምንት ሳምንት መዝገብ

ሰዎች አደርገዋለሁ የሚሉትና የሚያደርጉት እንደሚለያይ ስለማውቅ፣ በሁለቱም መታጠቢያ ቤቶች በር ላይ ወረቀት ለጠፍሁ። ባኞ ሞልቶ የታጠበ ሁሉ ምልክት እንዲያደርግ ጠየቅሁ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ 41 ጊዜ ታጠቡ። አዋቂዎቹ 3 ጊዜ፤ ሦስቱም የባለቤቴ ነበሩ።

የቀረቡልን ዋጋዎች እነዚህ ነበሩ። ለሰፊው ክፍል ለብቻው የሚቆም ባኞና 90 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተለየ ሻወር 24,000 ዶላር። ለዚያው ክፍል ደፍ የሌለው ሰፊ ሻወር ብቻ 15,000 ዶላር። ልዩነቱ 9,000 ነው። ያንን በ15 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ ብንከፋፍለው በዓመት 867 ዶላር ይሆናል። በመዝገቡ መጠን አዋቂዎቹ በዓመት 20 ጊዜ ያህል ይታጠባሉ፤ ስለዚህ አንዱ መታጠብ 43 ዶላር ያስወጣል።

ባለቤቴ ይህን ሲያይ ትክክለኛ ተቃውሞ አቀረበ። «አሁን ያለው ባኞ አጭርና ጎድጓዳ ያልሆነ ነው፤ ጉልበቴን ካጠለቅሁ ደረቴ ይበርደኛል። በመጥፎ ዕቃ የተለካ ፍላጎት የመልካሙን ዕቃ ፍላጎት አያሳይም» አለ። እውነቱን ነው። ቁጥሩን እጥፍ ብናደርገው ዋጋው ወደ 22 ዶላር ይወርዳል። አሁንም ውድ ነው፤ ግን ሰው ለሚወደው ነገር የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

ደግሞም ፍላጎቱ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ያደገው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሠፈር ነው። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ቤተሰቡ ተነሥቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን ይሞላል። የእኔ አክስት ቤት ደግሞ ባኞ ነበረው፤ እኔ ሳውቀው ግን ማንም ታጥቦበት አያውቅም። ሁልጊዜ ጢም ብሎ የተሞላ፣ በላስቲክ የተሸፈነ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ከእርሱ በጆግ እየቀዳን በሳፋ እንታጠብ ነበር። አንድ ዕቃ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ሠሪው ብቻ አይደለም፤ ከቧንቧው ጀርባ ያለው ሥርዓትም ነው። ያን ያየ ሰው 210 ሊትር ሙቅ ውሃ ለራሱ ብቻ ማፍሰስን እንደ ቅንጦት ብቻ ቢያየው ይገርመኝ ነበር። ለባለቤቴ ያ ባኞ መድረሻ ነው። ይህን በዶላር መዝገብ ላይ ለመጻፍ አምድ አላገኘሁለትም፤ ግን ዜሮ አድርጌም አላለፍሁትም።

ድምፅ ያልሰጠችው

በመዝገቡ ላይ አንድም ምልክት ያላደረገችው እናቴ ናት። ባኞ ሞልታ አትታጠብም፤ ሻወሩን ትጠቀማለች። ሻወሩ ግን ያለው በባኞው ውስጥ ነው፤ ባኞው ጠርዝ ደግሞ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የእናቴ ቀኝ ጉልበት ካመማት ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ጠዋት የፎጣ መስቀያው ከግድግዳው ላልቶ አገኘሁት። ሁለት ቀጭን ብሎኖች የያዙት፣ ፎጣ እንዲሸከም የተሠራ ዘንግ ነው። ስጠይቃት «እሱ ድሮም ላልቷል» አለችኝ። ባለቤቴ እንደገና አጠበቀው፤ በሳምንቱ እንደገና ላላ። ያን ጊዜ እናቴ ጠርዙን የምትሻገረው እርሱን ይዛ እንደሆነ ገባኝ። በእርጥብ ወለል ላይ፣ በአንድ እግር ቆማ፣ ሰው በማይሸከም ዘንግ ተንጠልጥላ።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት ሳቀች። «ለእኔ ብላችሁ ነው ቤት የምታፈርሱት? እኔ እንግዳ ነኝ፣ እሄዳለሁ። በሳፋም ታጥቤ ነው ያረጀሁት፤ ለልጆችሽ የሚሆነውን ሥሪ» አለችኝ።

በሙያዬ የአንድን ነገር ዋጋ የምንለካበት ዋናው መንገድ ሰው ለእርሱ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ መጠየቅ ነው። እናቴን በዚህ መንገድ ብትጠይቋት መልሷ ዜሮ ነው። ከዜሮም በታች ሊሆን ይችላል፤ ወጪው እንዳይወጣ ትለምናችኋለች። በይሉኝታ የሚተዳደር ቤት ውስጥ ይህ መለኪያ አይሠራም፤ ዕቃው በጣም የሚያስፈልገው ሰው በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጥበታልና። ከመልሷ ይልቅ የላላው ብሎን የበለጠ ታማኝ መረጃ ነበር። በወረቀቱ መዝገብ የባኞ መታጠብን ብቻ መቁጠራችን የእርሷን የዕለት ዕለት መሻገር ከስሌቱ ውጭ አስቀርቶት ነበር፤ በዓመት ስድስት ወር፣ በቀን አንዴ መግባትና አንዴ መውጣት፣ ከ360 ጊዜ በላይ።

የ24,000ው ዶላር ዕቅድ የተለየ ሻወር ነበረው፤ ችግሯን ግን አይፈታም። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነው ክፍል 10 ሴንቲ ሜትር ደፍና የመስታወት በር አለው፤ መቀመጫ አይይዝም፤ እርሷን የሚደግፍ ሰውም አብሮ ሊገባ አይችልም። ደፍ የሌለው ሰፊው ሻወር ግን ወንበር ይይዛል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ቢያስፈልግ ያስገባል። ከሁሉ የሚረክሰው ክፍል ደግሞ ማንም የማያየው ነው፤ ግድግዳው ገና ክፍት ሳለ በእንጨት ምሰሶዎቹ መካከል አግድም ወፍራም ጣውላ መምታት። የእጅ መደገፊያ ብረት የሰው ክብደት የሚሸከመው በዚያ ላይ ሲታሰር ነው። ጣውላው ጥቂት ዶላርና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል። ብረቱን ዛሬ ባትፈልጉትም ጣውላውን አስመቱ፤ የት የት እንደተመታም ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ከቤቱ ሰነዶች ጋር አስቀምጡ።

የወሰንነው

በጠባቡ ክፍል ከግድግዳ ጋር የሚገጠም ባኞ አስገባን፤ ግን ከተለመደው ጠለቅ ያለ፣ ውሃው እስከ 38 ሴንቲ ሜትር የሚይዝ ዓይነት መረጥን። ለልጆቹ በግማሽ እንሞላዋለን፤ ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሙሉውን ይሞላዋል፤ ማሞቂያውም ይችለዋል። ጠርዙ ከቀድሞው ከፍ ስለሚል፣ ትንሹን ልጅ ለማጠብ ስንንበረከክ ክንዳችንን ያደክመናል፤ ይህ የከፈልነው ዋጋ ነው። በሰፊው ክፍል ባኞ የለም። 160 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደፍ የሌለው ሻወር አለ፤ ሁለት መደገፊያ ብረቶችና የሚታጠፍ መቀመጫ አለው። ባለቤቴ የተስማማው በቁጥሮቹ ተረትቶ አይመስለኝም፤ የላላውን መስቀያ ሁለት ጊዜ ያጠበቀው እርሱ ነበርና።

ይህ መልስ የእኛ ቤት መልስ ነው። መታጠቢያ ቤታችሁ አንድ ብቻ ከሆነና ልጅ ካለ ወይም የሚጠበቅ ከሆነ፣ ከግድግዳ ጋር የተገጠመው ባኞ ጸንቶ ይቆይ፤ ጠርዙ ዝቅ ያለውን ምረጡ፤ በግድግዳው ውስጥ ጣውላ አስመቱ። ልጆቹ ካደጉና ወላጅ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ በዚያው ቤት ልታረጁ ካሰባችሁ፣ ሁለተኛውን ባኞ ያለ ጸጸት አንሡት፤ የ152 ሴንቲ ሜትሩን ስፍራ ግን ጠብቁ። ለብቻው የሚቆመው ባኞ የሚገባው ሻወሩ በሌላ በኩል ለተሟላለት፣ ማሞቂያው ለሚበቃው፣ ወለሉ ለተፈተሸለት፣ ከሁሉም በላይ በእርግጥ ለሚታጠብበት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ደስ ብሎት ይግዛው።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ሲገቡና ሲወጡ እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ተመልከቱ።